ሁለት ጣሳ ሽምብራ

የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛዋን አልረሳችም፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ትጠነቀቅለታለች። እኛ አምቦ ቁጭ ብለን «ቻርጀር»፣ «ፍሪጅ»፣ «ብሌንደር» ስንል፣ እሷ እዚያ ሆና ለሁሉም ነገር አማርኛ ትፈልግለታለች። መዘዙም የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው።

በሕማማት ሳምንት፣ ማክሰኞ ማታ፣ ለእናቷ በቴሌግራም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እማዬ፣ ሐሙስ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁለት ጣሳ ሽምብራ ውሃውን አጥልለሽ ትፈጪዋለሽ። ሰሊጥ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ትጨምሪበታለሽ። በጣም ይጣፍጣል፣ ጾምም ነው።»

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። እስቲ ፍረዱ፤ በሕማማት ማክሰኞ «ሐሙስ» የሚል ቃል ያየ ክርስቲያን ሌላ ምን ሊገባው ይችላል? ጸሎተ ሐሙስ ነዋ። ጸሎተ ሐሙስ ደግሞ ጉልባን ነው፤ የባቄላ ክክና ስንዴ አብሮ ተቀቅሎ፣ ጨው ተነስንሶበት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚቀመስ። ዐረቦች ሽምብራ ፈጭተው በሰሊጥ የሚለውሱት ምግብ ስሙ ከሐሙስ ጋር እንደሚገጥም ማን ነገራት? በእነሱ ቋንቋ ቃሉ ራሱ ሽምብራ ማለት እንደሆነ እኔም ያወቅሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

«አሜሪካኖች ጉልባን ላይ ሰሊጥ ይጨምራሉ እንዴ?» አለች እትዬ። «ባቄላውንስ የት አደረሱት?»

«አገሩ በረዶ ነው፤ ባቄላ አይበቅልላቸው ይሆናል» አልኳት። ከዚህ ውርደት ድርሻዬን ስወስድ እንግዲህ በዚህች መልሴ ነው።

በሐሙሱ ላይ ይህን ያህል ስንመራመር፣ «ሁለት ጣሳ» የሚለው ላይ ግን ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። ምን ያሳስባል? ጣሳ ጣሳ ነው። አንድ ጊዜ የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ይዛ የመጣች ቆርቆሮ፣ በሆዷ ያለው ካለቀ በኋላ ገበያ ወጥታ የእህል ዳኛ ትሆናለች። ከኦሎንኮሚ እስከ ጌዶ ብትሄዱ ምስሩም፣ አተሩም፣ ሽምብራውም የሚሰፈረው በእሷ ነው። በእርግጥ ሁሉም ጣሳ እኩል አይደለም። ታችዋ ወደ ውስጥ የተደቆሰች አለች፤ አፏ የተጣመመ አለች። እትዬም ከመግዛቷ በፊት ጣሳዋን ገልብጣ ቂጧን በጣቷ ሳታንኳኳ አታልፍም። ሲሰፈር ደግሞ እህሉ እስከ አፏ ተሞልቶ ብቻ አይቀርም፤ ይቆለላል፤ በላዩ ደግሞ የምርቃት አንድ እፍኝ ይደረጋል። በዚህ ዓይነት እትዬ ረቡዕ ጠዋት ገበያ ወጥታ የጊንጪ ሽምብራ፣ ያንን በጥቁር አፈር ላይ ክረምቱ ሲወጣ ተዘርቶ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ የሚያድገውን ትንሹን ቡናማ ሽምብራ፣ ሁለት ጣሳ ቆልላ አስመረቀችና መጣች።

የልጅቷ ጥፋት ትርጉሟ ላይ አልነበረም። እዚያ አገር ሽምብራ ተቀቅሎ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ያንን ቆርቆሮ በአማርኛ ምን ትበለው? ጣሳ ነው፤ እኔም ብሆን ሌላ ስም አላወጣለትም። እሷ የሙሉውን ጣሳ ስም ለእኛ ላከች፤ እኛ የባዶውን ስም ተቀበልን። እሷ የበሰለ አለች፤ እኛ ጥሬ ሰማን።

ማታ እትዬ ሽምብራውን በሰማያዊው ሳፋ ዘፈዘፈችው። ውሃው ከላዩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዲል አድርጋ፣ በትሪ ከድና ተኛች። ሌሊት ላይ አንድ ነገር ተሰማ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። አይጥ መሰለን። ስንነሳ ትሪው ከሳፋው ላይ ተነስቶ ተንጋዷል፤ ሽምብራው አፉን አልፎ ወለሉ ላይ አንድ አንድ እያለ ይወርዳል። ሳፋው ውስጥ ውሃ የሚባል አልቀረም።

እዚህ ላይ የተደነቅነው እኛ ነን እንጂ ሽምብራው የተለመደ ሥራውን ነው የሠራው። ደረቅ ሽምብራ ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ የራሱን ክብደት ያህል ውሃ ይጠጣል። ኪሎው ሁለት ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፤ ምድጃ ገና ሳያይ። እሳት ላይ ሲወጣ ትንሽ ይጨምርና ከሁለት እጥፍ አለፍ ይላል። በስፍር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አንድ ስኒ ጥሬ ሁለት ተኩል፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ስኒ ንፍሮ ይወጣዋል። ፍሬው ሲያብጥ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታም አብሮ ስለሚሰፋ፣ ዓይን የሚያየው ብዛት ሚዛን ከሚናገረው ይበልጣል። ስለዚህ ሽምብራ የሚዘፈዝፍ ሰው ዕቃውን የሚመርጠው ለጥሬው ሳይሆን ለነገው ነው። ይህንን እትዬ አሳምራ ታውቃለች፤ ለጉልባን ባቄላ ስትዘፈዝፍ ኖራለች። ግን «አሜሪካ እንዲህ ብሏል» ሲባል የገዛ እጃችን የሚያውቀውን እንረሳለን።

ሐሙስ ጠዋት የቤቱ ድስቶች ተሰለፉ፤ አንዳቸውም አልበቁም። መጨረሻ ላይ ከእድር ቤት ትልቁ ድስት በሁለት ጎረምሳ ጆሮው ተይዞ መጣ። ይህችን ነገር አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ልጅቷ ስለ መቀቀል ምንም አልጻፈችም፤ የእሷ ሽምብራ ሲገዛ በስሏልና። እትዬ ደወለችላት፤ እዚያ ሌሊት ስለነበር አላነሳችም። ስለዚህ ከሰሉ ተቀጣጠለ፤ ድስቱ ተጣደ፤ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሽምብራው በጥርስ ሲነከስ ኳ አለ። ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አሁንም መሃሉ ደረቅ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ፣ የሒሳብ አያያዝ የተማረ፣ ሁሉን ነገር የሚያስረዳ፣ ስልኩን አውጥቶ «አንድ ሰዓት ይበቃዋል ይላል» አለን። የሚለውማ ልክ ነው፤ ለባሕር ወለል። አምቦ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃችን ገና 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ በላይ ከሰል ቢጨመርበት ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም። ጌዶ ወይም ጅልዱ ብትወጡ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ድስቱ ሲንተከተክ ለዓይን ያው ነው፤ ለሽምብራው ግን የሰባት ዲግሪ ጉድለት ቀላል አይደለም። እንደኛው ያለ ቅርፊቱ ወፍራም፣ ምናልባትም ጎተራ ከርሞ የመጣ ሽምብራ ሲሆን ጊዜው እጥፍ ቢሆን አይገርምም። የከረመ እህል በሙቀት ከቆየ ቶሎ ውሃ አይገባውም፤ ከተዘፈዘፈ በኋላም ቅርፊቱ ተጨማዶ የቀረና ሳያብጥ የተቀመጠ ፍሬ ከበዛበት፣ ከሰሉን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ይኸው ልጅ አንድ ሰዓቱ አላዋጣ ሲለው ሌላ ሐሳብ አመጣ። «አምቦ ውሃ እንጨምርበት። ሶዳ አለው፤ ሶዳ ያበስላል።»

ከምንጩ ሥር የተወለደ ሰው ለምንጩ ምሥጋና ሲቀርብ እንዴት እምቢ ይላል? አንድ ጠርሙስ ተከፈተ፤ ጧ ብሎ ገነፈለ፤ ሁሉም «ይኸዋ!» አለ። ነገሩ ግን የሚመስለውን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም። ልጁ ሶዳ ያለው እውነት ነው፤ እንጀራ ቤት የሚያውቁት ሶዳ የእህሉን ሥጋ ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላላዋል፤ ሽምብራም ቶሎ ይለሰልሳል። ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ትንሽ ሲሆን ይረዳል። የአምቦ ውሃ ግን ከሶዳው ጋር ካልሲየምና ማግኒዚየምም ይዟል፤ እነዚህ ደግሞ ያንኑ ማጣበቂያ ያጠብቁታል። አንዱ ሲፈታ ሌላው ያስራል። የእኛ ድስት ላይ ደግሞ አንድ ጠርሙስ በዚያ ሁሉ ውሃ መካከል የፈታውም ያሰረውም የታየ ነገር አልነበረም። ሽምብራው በራሱ ጊዜ፣ ሦስት ሰዓት ከምናምን ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል ተልጦ ሟሸሸ። ልጁ ግን እስከ ዛሬ «ውሃው ነው» ይላል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሽምብራውን አጥልላ የድስቱን ፎቶ ላከች። «ልጄ፣ ሁለቱ ጣሳ ይኸው። ሰሊጡ ስንት ጣሳ ይሁን?»

መልሱ በፎቶ መጣ። በእጇ ላይ አንዲት ቆርቆሮ፣ መጠኗ የቡና ጀበና ሆድ የማታክል፣ በላይዋ ላይ ነጫጭ ሽምብራ የተሳለባት። ከሥሯ አንድ መስመር፦ «ጣሳ ያልኩት ይቺን ነው።» ቀጥላ የሣቅ ምልክት ላከች፤ ቀጥላ የልቅሶ ምልክት። የትኛው ለእኛ እንደሆነ አልገባንም።

የሒሳቡ ልጅ ፎቶውን አጉልቶ አነበበ። «425 ግራም ይላል። ሁለቱ 850 ይሆናሉ። የእኛ አንድ ጣሳ ስንት ነው?» የሱቁ ሚዛን ተውሶ መጣ፤ እትዬ ሌላ ጥሬ ሽምብራ እንደ ገበያው ቆልላ ብትሰፍረው 900 ግራም መዘነ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ፈረደ፦ «አንድ ጣሳ ይበቃ ነበር። እጥፍ ብቻ ነው የተሳሳታችሁት።»

ስሌቱ ያማረ ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይ ስቶ ያማረ። መጀመሪያ፣ 425ቱ ግራም ሁሉ ሽምብራ አይደለም። ቆርቆሮው የተሞላው ሽምብራው በተዋጠበት ውሃ ነው፤ ልጅቷም «አጥልይው» ያለችው ይህንን ነበር፤ እኛ የመዘፍዘፊያውን ውሃ መሰለን። ውሃው ሲፈስ የሚቀረው ወደ 250 ግራም ነው። ሁለተኛ፣ ያ 250 ግራም የበሰለ ነው፤ ከበሰለው ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሲዘፈዘፍና ሲቀቀል የጠጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ከአንዲት የእሷ ጣሳ ጀርባ ያለው ጥሬ ሽምብራ 110 ግራም ገደማ ነው። ሁለት ስትሆን 220፤ የእኛ የተቆለለች ጣሳ ሩብ። በቡና ስኒ ብሰፍረው ሦስት ስኒ ተኩል አካባቢ ሆነልኝ። ለሁለት ቀን አንድ ሰፈር ያስጨነቀው ነገር ሦስት ስኒ ተኩል ሽምብራ ነበር።

እኛ የቀቀልነው ደግሞ 1,800 ግራም ነው። ከሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ ሲል አራት ኪሎ ንፍሮ ወጣው። አራት ኪሎው ለ250 ሲካፈል አሥራ ስድስት የሚኒሶታ ጣሳ። ልጅቷ ሁለት ብላ ነበር። እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው የተሳሳትነው፤ የሒሳቡ ልጅ ይህን ስነግረው «ያው የአሃድ ጉዳይ ነው» ብሎ ተሰናበተ።

አሁን ወደ እድሩ ድስት ልመለስ። የእድር ድስት በጠዋት፣ በሁለት ጎረምሳ ተይዞ፣ ያለ ሠርግ ወሬ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ያየ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ጥሩምባ አልተነፋም፤ ግን ዓይን አይቷል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። አኮ፣ የሰፈሩ ሁሉ አያት፣ በምርኩዛቸው ደርሰው በሩ ላይ ቆሙና «ማን ነው? ከአሜሪካ ነው የመጣው ወሬ?» አሉ።

እትዬ «ከአሜሪካስ ነው» ብላ ጀመረች። እሷ ሳትጨርስ ሁለት እናቶች አለቀሱ።

ነገሩ ከተጣራ በኋላ የተቀመጠ ሰው አልተነሳም፤ ለለቅሶ የመጣ ሰው ፊት የሚቀርበው ንፍሮ ነው፤ ንፍሮው ደግሞ አለ። ቡና ተፈላ። አኮ ሽምብራቸውን እያላመጡ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስነገሩ። በመጨረሻ የጠየቁት ስለ ሰሊጡም ስለ ስሙም አልነበረም። «ታዲያ ቀቅለው ነው የሚሸጡት? ውሃውንም ጨምረው? የውሃውንም ዋጋ ይቀበላሉ?» አሉ። ከ425 ግራም ውስጥ ጥሬው 110 መሆኑን ያለ ሚዛን የደረሱበት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማግስቱ ስቅለት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስግደት። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» የሚለው ተረት ሽምብራን አይጠራም፤ ግን ዘመድ ነው። የሰፈራችን ምእመናን ዓርብ ዕለት ከወትሮው ራቅ ራቅ ብለው ሲሰግዱ ያየሁ መሰለኝ፤ ምክንያቱን ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

እዚያው ቡናው ላይ ሌላ ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ይኸው ሒሳብ ለምስርስ ይሠራል ወይ የሚል። ድፍኑ ምስር ቅርጹን ይዞ ስለሚበስል እሱም ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ሳይዘፈዘፍም ቶሎ ይደርሳል። የምስር ክክ ግን ልክ የሚባል አያውቅም። ይፈርሳል፤ ከፈረሰ በኋላ ብዛቱን የሚወስነው እህሉ ሳይሆን ውሃ የያዘው እጅ ነው። ይህን ደግሞ ከእድር ሴቶች የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰው በበዛ ቁጥር ወጡ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ፍል ውሃ ይገባል፤ ወጡም አቤት ይላል። እኔ በአንድ ለቅሶ ላይ ጠዋት በእንጀራ ላይ የቆመ ምስር ወጥ ማታ ላይ ከእንጀራው ሥር ሲፈስ አይቻለሁ። ያው ወጥ ነው፤ የምስሩ ግራም አልጨመረም። ንፍሮ እንዲህ አያታልልም፤ ሲበቃው መጠጣቱን ይተዋል፤ ቢጨመርለት ውሃው ውጭ ይቀራል።

ክረምት ላይ ልጅቷ መጣች። ከሻንጣዋ መጀመሪያ ያወጣችው ሁለት የታሸገ ሽምብራ ነው፤ «ዳግመኛ እንዳትሳሳቱ» ብላ። ሐሙሱን ሠራችው፤ ቀኑ እሑድ ነበር። ፍሬው ትልልቅና ነጭ፣ ከጊንጪው ጋር ዘመድነቱ የማያስታውቅ ነው። በእንጀራ በላነው፤ ለክፉ አይሰጥም። ሁለቱ ባዶ ቆርቆሮዎች ታጥበው መደርደሪያው ላይ ወጡ፤ በእኛ ቤት ቆርቆሮ አይጣልም።

ልጅቷ ከተመለሰች በኋላ አንድ ማታ እትዬ ሐሙስ አማራት። ከሁለቱ ቆርቆሮዎች አንዷን አነሳች፤ ቂጧን በጣቷ አንኳኳች፤ ከዚያ ጥሬ ሽምብራ እስከ አፏ ሞላችባት። በመዳፏ ጠረግ አደረገች፤ አልቆለለችም፤ አልመረቀችም።

«ልኩ እንዲህ ነው» አለች። «አንድ ጣሳ። በአሜሪካው።»

ያቺ ቆርቆሮ ጥሬ ስትሞላ 350 ግራም ያህል ትይዛለች። ሲበስል ሦስት ጣሳ ነው፤ በአሜሪካው። ምንም አላልኩም። ጓዳ ገብቼ ሰማያዊውን ሳፋ አመጣሁላት።